ብዛት የሚያረክሰውና የማያረክሰው፦ በሽሮ ሜዳ ከነባር ሸማኔ ጋር ስለ ቅናሽ መነጋገር

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ የሐበሻ ልብስ ሱቅ የከፈተ ሰው ሁሉ ንግዱ ሲሰፋ የሚገጥመው ጥያቄ አለ። ለዓመታት ነጠላና ቀሚስ የሚያመጡለት ሸማኔ አሉ። በጀመረ ጊዜ በወር አሥር ነጠላ ይወስድ ነበር፤ ዛሬ አርባ ይወስዳል። ዋጋው ግን ያው የአሥሩ ዋጋ ነው። ይቀንሱልኝ ቢል ሰውየው ሊያዝኑበት ይችላሉ፤ ዝም ቢል ደግሞ ጎረቤቱ ሱቅ በርካሽ እየሸጠ ደንበኛውን ይወስድበታል። መርካቶ ላይ ለማያውቁት ነጋዴ «አስተያየት አድርግልኝ» ማለት ምንም አይደለም። ቡና አብረው የጠጡትን፣ በክፉ ቀን ዕቃ በዱቤ የሰጡትን፣ ለቅሶ የደረሱትን ሰው እንዲያ ማለት ግን ይከብዳል።

ነጋዴው በዚህ ጉዳይ ላይ የሚለው በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወገን «ብዙ ከወሰድኩ ሊቀንስልኝ ይገባል፤ ንግድ ንግድ ነው» ይላል፤ ሸማኔው እስኪሰለቹም ይከራከራል። ሌላው «ነባር ሰው አይነካም፤ የሚገኘው ትርፍ የሚጠፋውን ሰው አይመልስም» ብሎ ጥያቄውን ሳያነሳ ዓመታት ያሳልፋል። ሁለቱም አንድ ነገር ሳያዩ የቀሩ ይመስለኛል። ቅናሹ ከየት እንደሚመጣ፣ ማለትም የእኔ ብዛት ሻጩን ከየትኛው ወጪ እንደሚያሳርፈው ሒሳቡን ቁጭ ብለው አልሠሩም። ይህ ካልታወቀ የሚጠየቀው ወይ ይበዛል፣ ወይ ያንሳል።

ከመሠረቱ እንነሳ። በፋብሪካ ለሚወጣ ዕቃ ብዛት ዋጋ ያረክሳል፤ ማሽኑ አንዴ ከተዘጋጀ ሺህኛው ሜትር ከመጀመሪያው ሜትር እጅግ በርካሽ ይወጣል። ዛሬ የሽሮ ሜዳን ገበያ ያጨናነቀው ጥበብ አስመስሎ የታተመ ከውጭ የሚገባ ጨርቅ በዚህ መንገድ ስለሚሠራ፣ አስመጪው በጥቅል ለሚገዛ ሰው ሳይጨነቅ ይቀንሳል። የእጅ ሥራ ግን እንዲህ አይደለም። ሸማኔው ጉድጓዱ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩ እየረገጠ፣ እጁ መወርወሪያውን እየወረወረ የሚሠራው አርባኛው ነጠላ የመጀመሪያውን ያህል ቀን ይፈጃል። በጋሞ ደጋ፣ በዶርዜና በጨንቻ ተወልደው ሙያውን ይዘው ጉለሌ ከሰፈሩ ቤተሰቦች መካከል ማንንም ብትጠይቁ ይህንኑ ይነግሯችኋል። ስለዚህ «አርባ ስለወሰድኩ ሃያ በመቶ ይቀንሱልኝ» የሚለው ጥያቄ፣ ለጨርቅ አስመጪ ተገቢ ቢሆንም፣ ለሸማኔ ከደመወዛቸው ስጡኝ ማለት ሊሆን ይችላል።

ይህ ማለት ግን ብዛት ለሸማኔ ምንም አይጠቅምም ማለት አይደለም። በሽመና ውስጥ ብዛት የሚያቀልላቸው ነገሮች አሉ። ዋናው ድር ማድራት ነው። ድሩን ማድራት፣ ከዚያ በሸማው ዕቃ ላይ የአዲሱን ድር ጫፍ ከአሮጌው ጋር አንድ በአንድ መቋጠር አድካሚ ሥራ ነው፤ ሦስት ነጠላ ለሚያወጣ ድርም ሆነ አሥር ነጠላ ለሚያወጣ ረጅም ድር መቋጠሩ ያው ነው። ተመሳሳይ ጥለት ያለው ብዙ ነጠላ ሲታዘዝ ድሩ አንዴ ተቋጥሮ ለብዙ ቀን ያሠራል። ሁለተኛው ክር ነው። ሸማኔው በትንሽ በትንሹ ከሚገዛ አንድ ላይ ቢገዛ ከክር ነጋዴው ቅናሽ ያገኛል። ሦስተኛው ደግሞ ዕቃ ተሸክሞ ገዢ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ መዞር መቅረቱ ነው።

አንድ ምሳሌ ሠርተን እንየው። ቁጥሮቹ ለሒሳቡ እንዲመቹ የተቀመጡ ናቸው፤ አንባቢ በራሱ ዋጋ ሊተካቸው ይችላል። አንድ ነጠላ ለአንዲት ባለሱቅ በ1,000 ብር ይመጣል እንበል። ከዚህ ውስጥ 400 ብር የክር፣ 400 ብር የሽመናው ድካም፣ 100 ብር ድር ለማድራትና ለመቋጠር የሚደርስበት ድርሻ፣ የቀረው 100 ብር ደግሞ የሸማኔው ትርፍ ነው። ድር የማድራቱ ጠቅላላ ወጪ 300 ብር ሆኖ በአንድ ድር ሦስት ነጠላ ስለሚወጣ ነው 100 የደረሰው። አሁን ባለሱቋ አንድ ዓይነት ጥለት ያለው 40 ነጠላ ብታዝ አራት ድር፣ በእያንዳንዱ ላይ አሥር ነጠላ ይሠራል፤ የድሩ ድርሻ ወደ 30 ብር ይወርዳል፣ 70 ብር ይተርፋል። ክሩ አንድ ላይ ተገዝቶ አምስት በመቶ ቢቀንስ ሌላ 20 ብር ይተርፋል። ስለዚህ ትዕዛዙ በእያንዳንዱ ነጠላ የፈጠረው አዲስ ትርፍ 90 ብር ነው።

ባለሱቋ 50 ብር እንዲቀነስላት ብትጠይቅ ለሸማኔው ከቀድሞው ትርፉ በላይ 40 ብር ይቀርለታል። በአርባው ላይ እሷ 2,000 ብር ታተርፋለች፣ እሱም 1,600 ብር ይጨምራል። አምስት በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ከነበሩበት የተሻለ ቦታ ላይ ናቸው፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ እሱ ራሱ ነው «ትዕዛዙ ቀጠለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው። 20 በመቶ፣ ማለትም 200 ብር ብትጠይቅስ? የተፈጠረው 90 ይሄዳል፤ የቀድሞ ትርፉ 100 ይሄዳል፤ አሁንም 10 ብር ይጎድላል። ያ 10 ብር የሚወጣው ከሽመናው ድካም ወይም ከክሩ ነው። ብዙ የቆየ ዝምድና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰውየው ይሉኝታ ይዞት «እሺ» ይላል፣ ከዚያም እሺታውን የሚከፍልበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

በነገራችን ላይ ይህ አስተሳሰብ የሽሮ ሜዳ ብቻ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1936 ባወጣችው የሮቢንሰንና ፓትማን ሕግ፣ አንድ ሻጭ ተፎካካሪ ለሆኑ ነጋዴዎች ያንኑ ዕቃ በተለያየ ዋጋ በመሸጥ ውድድርን እንዳይጎዳ ሲከለከል፣ ልዩነቱ ከሚገዛው መጠን ወይም ከአሸጣጡ የተነሳ በማምረት፣ በመሸጥ ወይም በማድረስ ወጪ ላይ የተገኘ እውነተኛ ቁጠባ ከሆነ ግን ተፈቅዶለታል። እኛ ጋ እንዲህ ያለውን መለኪያ የሚያስገድድ ዳኛ መፈለግ አያስፈልግም፤ ለንግግሩ መነሻ አድርጎ መያዙ ይበቃል።

ሒሳቡ ውስጥ ያላስገባሁት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ የገንዘቡ ጊዜ ነው። በሽሮ ሜዳ ብዙ ባለሱቅ ዕቃውን ተቀብሎ የሚከፍለው ከሸጠ በኋላ ነው። ነጠላው ሁለት ወር ሱቅ ውስጥ ቢሰቀል ሸማኔው ለባለሱቋ ሁለት ወር ያለ ወለድ አበደረ ማለት ነው። የእሱ ገንዘብ በወር ሁለት በመቶ ዋጋ አለው ብንል በ1,000 ብር ነጠላ ላይ 40 ብር በዱቤ መልክ ቀድሞውኑ ሰጥቷል፤ ይህ ማንም ሳይጠይቀው የተሰጠ ቅናሽ ነው። በዱቤ የሚወስድ ሰው ሌላ ቅናሽ ሲጠይቅ ሻጩ ፊቱን የሚያጠቁረው ስለዚህ ነው። የነባር ደንበኛ ትልቁ የመደራደሪያ ጉልበት የትዕዛዙ ብዛት ሳይሆን የአከፋፈሉ ሁኔታ ሆኖ አገኘዋለሁ። ግማሹን ቅድሚያ፣ ግማሹን ዕቃው ሲረከብ የሚከፍል ሰው ለክር መግዣውን ገንዘብ ራሱ አቀረበ ማለት ነው፤ ከላይ ያልነው የ20 ብር የክር ቅናሽ የሚገኘውም በዚያ ገንዘብ ነው። ያለ ቅድሚያ ሸማኔው ክሩን አንድ ላይ መግዛት ስለማይችል ሒሳቡ ወደ 70 ብር ይወርዳል።

የመክፈያው ቀንም ጥቅም አለው። ብዙዎቹ ዕቁብ ይጥላሉ። ዕቁቡ እሑድ የሚጣል ከሆነ ገንዘቡ ሰኞ ሲደርሳቸው ዕቁቡን በብድር ጥለው ነው የሚቀበሉት፤ ቅዳሜ ቢደርሳቸው ግን አንድ ብር እንኳ ሳይጨመርበት ብዙ ይጠቅማቸዋል። ባለሱቋ ይህን ማወቅ ትችላለች፤ ለዓመታት አብራው የሠራችው ሰው ነው።

ጊዜውም እንዲሁ። የሽሮ ሜዳ ገበያ የሚሞቀው ከእንቁጣጣሽ በፊት፣ ከገናና ከጥምቀት በፊት፣ ለጥር ሠርግ፣ ከዚያም ለፋሲካ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ይቆማል፤ ሱቆቹም ቀዝቀዝ ይላሉ። ሸማኔው በዚያ ወቅት የሠራውን ተሸክሞ ገዢ ይፈልጋል። የፋሲካውንና የዳግማይ ትንሣኤ ሠርገኞችን ትዕዛዝ በጾሙ መጀመሪያ ላይ ቅድሚያ ሰጥቶ ማዘዝ ለሸማኔው ባዶ የሚሆኑ ሳምንቶችን ይሞላለታል፤ ቅናሽ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። አንድ ድንበር ግን አለው፤ ሥራ ያጣን ሰው በችግሩ ሰዓት «ካልቀነስክ አልወስድም» ብሎ ማጨናነቅ ሌላ ነገር ነው፤ ያ ሰው ያን ወቅት አይረሳውም፣ በጥር ወረፋ ሲያዝ ደግሞ ቀድሞ የሚሠራው ለሌላው ነው። ከሁሉ የከፋው ጊዜ የመስቀል ዋዜማ ነው። ለጋሞ ሰው መስቀል የዓመቱ ትልቅ በዓል ስለሆነ ብዙዎች ሸማቸውን አስቀምጠው ወደ ደጋው አገራቸው ይሄዳሉ፤ የሚጠብቁት ሒሳብ ለበግ፣ ለቅቤ፣ ለትራንስፖርት ታስቧል። በዚያ ሰሞን ዕቃውን ተረክቦ «ትንሽ ይቀነስ» ማለት ሰውየው አውቶቡስ ተራ ሊሄድ ሲል ኪሱ ውስጥ እጅ እንደ መክተት ይቆጠራል።

ንግግሩ ራሱ እንዴት ይሁን? ዕቃ ሲረከቡ አይሁን፤ ሌላ ደንበኛ ባለበት አይሁን። ቡና ተፈልቶ፣ ሒሳቡ ተከፍሎ፣ ምንም ያልተቋጨ ነገር ሳይኖር ይሁን። ባለሱቋ እንዲህ ልትጀምር ትችላለች፦

«ጋሼ፣ እስከ ዛሬ በአሥር በአሥር ነበር የምንሠራው። ከጾሙ ጀምሮ አርባ ልወስድ አስቤያለሁ፤ ጥለቱም አንድ ዓይነት ይሁን። ግማሹን ዛሬ ልስጥዎት። አንድ ድር ላይ አሥር ቢያወጡ እርስዎን ስንት ያተርፍዎታል?»

«እንደ ክሩ ነው እንጂ ልጄ። ድሩ እንኳ ይቀላል፣ እውነት ነው።»

«እንግዲህ የሚቀለውን ለሁለታችን እናድርገው። ከሽመናው ድካም አልጠይቅዎትም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ትሠራለች። ከሽመናው ድካም እንደማይነካ በግልጽ ሲነገረው ሸማኔው ስለቀረው ሒሳብ በነፃነት ይናገራል። ሌላው ልብ የሚባለው ዋጋውን የሚናገረው ማን መሆን እንዳለበት ነው። «ስንት ያተርፍዎታል» ብላ ጠየቀች እንጂ «ሃምሳ ቀንሱልኝ» አላለችም። ሰውየው ራሱ ያለውን ቁጥር በኋላ አይቆጭበትም። የቀረበው ቁጥር ካነሰባት ባለሱቋ ስለ ድሩ ያወቀችውን ጠቅሳ መነጋገር ትችላለች፤ ያላወቀችውን ግን እያሰበች ልትከራከር አይገባም።

ሊነገር የማይገባው ደግሞ «እገሌ በ850 ያመጣልኛል» የሚለው ነው። እውነት ቢሆን እንኳ በነባር ሰው ፊት የሌላን ስም ማንሳት መለያየትን ማወጅ ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ክሊፎርድ ጊርትዝ የሞሮኮዋን ሰፍሩ ከተማ ገበያ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ጽሑፍ፣ በእንዲህ ያለ ገበያ ስለ ዋጋና ስለ ጥራት ሁነኛ መረጃ ማግኘት ከባድ ስለሆነ፣ ገዢና ሻጭ ተፈላልገው እርስ በርስ ደንበኛ መሆናቸው ይህን ድካም የሚያቃልሉበት መንገድ መሆኑን አሳይቷል። ለሽሮ ሜዳም ይሠራል። ነባሩ ሸማኔ ሲያመጣ ባለሱቋ ነጠላውን አንድ በአንድ ዘርግታ አታይም፤ ያ የሚቆጥብላት ጊዜና ጭንቀት ዋጋ አለው። በ850 የሚያመጣው እንግዳ ሰው ሲመጣ ግን አርባውንም ትዘረጋለች። ልዩነቱን ስታሰላ ይህንንም ማስገባት አለባት።

ቅናሹ ከሚገባው በላይ ሲሄድ መጀመሪያ የሚታየው በነጠላው ላይ ነው፣ በንግግር አይደለም። ሸማው ሳሳ ይላል፤ ማጉ ጠበቅ ተደርጎ አልተመታም ማለት ነው። ርዝመቱ በጥቂት ጣት ያጥራል። ጥለቱ ይጠባል። አንዳንዴ ደግሞ ከጥጡ ክር ጋር ፖሊስተር ይቀላቀላል። ይህን ለማወቅ መከራከር አያስፈልግም። ከስምምነቱ በፊት ሁለቱም የተስማሙበትን አንድ ነጠላ ናሙና አድርጎ ማስቀመጥ፣ በሚዛን መዝኖ ክብደቱን መጻፍ ይበቃል። ሌላ ዕቃ ሲመጣ እሱን መዝኖ፣ ከናሙናው ጋር ብርሃን ፊት ጎን ለጎን ዘርግቶ ማየት ነው። ክሩ አጠራጣሪ ከሆነ ጫፉን ትንሽ መዝዞ ማቃጠል ያሳያል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠንካራ ጠብታ ይሠራል። ሚዛኑ ዝቅ ካለ ባለሱቋ መጀመሪያ ራሷን መጠየቅ አለባት፤ የጠየቅሁት ቅናሽ ከድሩና ከክሩ አልፎ ሄዷል ወይ? ብዙ ጊዜ መልሱ አዎ ነው፤ መፍትሔውም ሸማኔውን መውቀስ ሳይሆን ከቅናሹ መመለስ ነው።

ከክር ነጋዴው ጋር የሚደረገው ንግግር ሌላ መልክ አለው። እሱ ዕቃ አምርቶ አይደለም የሚሸጠው፤ ከፋብሪካ ወይም ከአስመጪ ገዝቶ ያከፋፍላል። ለእሱ በአንድ ጊዜ ብዙ መሸጥ የመጋዘን ቦታ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የጊዜ ወጪ ይቀንስለታል። ስለዚህ የጉለሌ ሸማኔዎች ተሰባስበው አንድ ላይ ሲገዙ ቅናሽ መጠየቃቸው ምንም የሚያሳፍር አይደለም። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ነጋዴው «ከ50 ኪሎ በታች ኪሎው በ500፣ ከ50 ጀምሮ ሁሉም በ470» ቢል 48 ኪሎ 24,000 ብር ሲሆን 50 ኪሎ 23,500 ብር ይሆናል። 48 ኪሎ የፈለገ ሰው 50 መግዛቱ ግልጽ ነው። ችግሩ 30 ኪሎ የሚበቃው ሰው 50 ለመሙላት ሲዘረጋ ነው፤ ገንዘቡ ክር ሆኖ ይቀመጣል። የጥለት ክር ከሆነ ደግሞ በኋላ የሚጨመረው ከሌላ ጊዜ የተነከረ ስለሚሆን ቀለሙ አይገጥምም። ነባር ነጋዴ ከሆነ የተሻለው መንገድ በየጊዜው የተገዛውን ደምሮ በዓመቱ መጨረሻ ተመላሽ እንዲሰጥ መስማማት ነው፤ ገዢው ከሚያስፈልገው በላይ ሳይጭን ብዛቱ ይቆጠርለታል።

ከደረሰኝ ጋር የተያያዘውን አንድ ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ የሆነ ነጋዴ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» ሲል ይህ የብዛት ቅናሽ አይደለም። ታክሱ 15 በመቶ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1341ም ይህንኑ ምጣኔ ይዟል። ተመዝጋቢ የሆነ ገዢ ደረሰኝ ከሌለው የከፈለውን ማቀናነስ አይችልም፤ ወጪውንም በገቢ ግብር ለማስያዝ ይቸገራል። ቅናሹ እውነተኛ ከሆነ ደረሰኙ ላይ ተቀንሶ ይጻፋል፤ ታክሱም በተቀነሰው ዋጋ ላይ ይሰላል።

የመጨረሻው ነገር የተስማሙበት ዋጋ የሚቆይበት መንገድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። ዋጋውን በብር ቁርጥ አድርጎ ለዓመት የተስማማ ሸማኔ እንዲህ ባለ ጊዜ ከክር ዋጋው ጋር ሲታገል ይከስራል፤ ቃሉን ሳይበላ ለመቆየት ሲል ደግሞ ወደ ቀጭኑ ሸማ ይሄዳል። ስለዚህ ስምምነቱ ሁለት ክፍል ቢኖረው ይሻላል፤ የክሩ ዋጋ በዚያ ወር ባለው፣ የሽመናው፣ የድሩና የትርፉ ዋጋ ደግሞ በተስማሙበት። ባለሱቋ ደብተሯ ላይ ከቀኑ ጋር የምትጽፈው «ክር እንደ ወሩ፣ ሽመና 400፣ ድር ለአሥር 30፣ ትርፍ 140፣ ግማሽ ቅድሚያ፣ ቀሪው ዕቃው ሲገባ» ብቻ ነው። ያንኑ ቅጂ ጋሼም ይዘውት ይሄዳሉ።